ለጓሮ አትክልት የውሃ ፓምፕ መምረጥ፦ በከፍታ፣ በፍሰትና በጥገና አገልግሎት ሲነጻጸር

በቤት የውሃ ፓምፖች ካርቶን ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎልተው ይታያሉ። አንዱ ፓምፑ ውሃን እስከ ስንት ሜትር እንደሚገፋ፣ ሌላው በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ይገልጻል፤ በሞተሩ ሰሌዳ ላይም Hmax እና Qmax ተብለው ይጻፋሉ። ገዢው «40 ሜትር፣ 40 ሊትር» የሚል ሲያነብ ፓምፑ በደቂቃ 40 ሊትር ውሃ 40 ሜትር ሽቅብ የሚያደርስ ይመስለዋል። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉበት ፓምፕ ግን እንዲህ አያደርግም። ከፍተኛው ከፍታ የሚለካው ከመውጫው አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይወጣ ነው፤ ከፍተኛው ፍሰት ደግሞ የሚለካው ፓምፑ ሽቅብ የመግፋት ሸክም ሳይኖርበት ወይም ጥቂት ሜትር ብቻ ሲኖርበት ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል አንዱ በጨመረ ቁጥር ሌላው ይቀንሳል፤ ይህም አምራቹ በሚያወጣው ግራፍ ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሻጩ ሊመልስ የሚገባው ዋና ጥያቄ ይህ ነው፦ ፓምፑ እኔ በምፈልገው ሜትር ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ገዢው የራሱን ሜትርና የራሱን ሊትር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አሠራሩን ለማየት አንድ ጓሮ በምሳሌነት እንውሰድ። የአትክልቱ ቦታ 200 ካሬ ሜትር ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከጉድጓድ ሲሆን ፓምፑ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ የአትክልቱ የላይኛው ጫፍ ከፓምፑ 6 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከፓምፑ እስከዚያ ድረስ 60 ሜትር ቱቦ ይዘረጋል፤ መጨረሻው ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ የውሃ መርጫዎች ይቆማሉ።

የፍሰቱ ሊትር

በደረቅና ሞቃት ወቅት ለአትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ብሎ ማሰብ ተገቢ መነሻ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ ጓሯችን በቀን 1000 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ውሃ በ40 ደቂቃ ውስጥ አጠጥቶ መጨረስ ከፈለገ የሚያስፈልገው ፍሰት በደቂቃ 25 ሊትር ይሆናል፤ እያንዳንዱ መርጫ 12.5 ሊትር ይደርሰዋል። አንዳንድ ሰሌዳዎች ፍሰትን በሰዓት ኪዩቢክ ሜትር ይጽፋሉ፤ በሰዓት 1.5 ኪዩቢክ ሜትር ከዚሁ ከ25 ሊትር ጋር እኩል ነው።

ከዚህ ቁጥር በፊት ግን ጉድጓዱ ራሱ መጠየቅ አለበት። ጉድጓዱ በደቂቃ የሚያመነጨው 15 ሊትር ብቻ ከሆነ፣ በደቂቃ 80 ሊትር የሚስብ ፓምፕ መግዛት ጉድጓዱን በፍጥነት አድርቆ ፓምፑን ያለ ውሃ ከማሽከርከር ያለፈ ጥቅም የለውም። በዚህ ሁኔታ ትንሽ ፓምፕ ለረጅም ሰዓት ማሠራት፣ ወይም ውሃውን መጀመሪያ በታንከር አጠራቅሞ ከዚያ ማጠጣት ይሻላል።

የከፍታው ሜትር

ብዙ ሰው ከፍታ ሲባል የሚያስበው ከጉድጓዱ አፍ እስከ አትክልቱ ድረስ ያለውን ዳገት ብቻ ነው፤ ፓምፑ የሚሸከመው ሜትር ግን አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከውሃው ወለል እስከ ፓምፑ ያለው ነው። ይህ መለካት ያለበት በበጋ፣ ውሃው እየተቀዳ ባለበት ሰዓት ነው፤ በክረምት 2 ሜትር ላይ የነበረ ውሃ በበጋ፣ ከግማሽ ሰዓት ቅጂ በኋላ፣ ወርዶ 5 ሜትር ላይ ሊደርስ ይችላል። ገመድ ላይ ክብደት አስሮ ወደ ጉድጓዱ መልቀቅና የረጠበው የገመድ ክፍል ከሚጀምርበት ነጥብ እስከ ጉድጓዱ አፍ ያለውን መለካት በቂ ነው። በምሳሌያችን 5 ሜትር ሆነ እንበል። ሁለተኛው ክፍል ከፓምፑ እስከ አትክልቱ ያለው 6 ሜትር ነው።

ሦስተኛው መርጫው ራሱ የሚፈልገው ግፊት ነው። በእጅ ከሚያዝ ቱቦ ውሃው ዝም ብሎ እንዲፈስስ ከተፈለገ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር በላይ አያስፈልግም። ጠብታ ማጠጫ በአብዛኛው ወደ 1 ባር ይፈልጋል፤ የሚሽከረከር ትንሽ መርጫ ደግሞ 1.5 ባር ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንድ ባር ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ የውሃ ከፍታ ስለሆነ፣ የእኛ መርጫዎች በሂሳቡ ላይ 15 ሜትር ይጨምራሉ። ይህ ቁጥር ከጉድጓዱና ከዳገቱ ድምር ይበልጣል፤ ቢሆንም በግዢ ሰዓት በብዛት የሚረሳው እርሱ ነው።

አራተኛው ውሃው ቱቦውን እየተሻሸ ሲያልፍ የሚጠፋው ግፊት ነው፤ ገዢው በቀላሉ ሊቀይረው የሚችለውም ይህ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። በደቂቃ 25 ሊትር በ60 ሜትር ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ የቱቦው የውስጥ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚጠፋው ወደ 2 ሜትር ነው። ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኪሳራው ወደ 8 ሜትር ይዘላል። በተለምዶ ግማሽ ኢንች በሚባለው፣ የውስጥ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር በሆነ የጓሮ ጎማ ከሆነ ደግሞ ወደ 50 ሜትር ይደርሳል፤ ማለትም ያን ውሃ በዚያ ጎማ ለማሳለፍ ብቻ፣ ዳገት ሳይኖር፣ ከአንድ ተራ የቤት ፓምፕ ሙሉ አቅም በላይ ይጠየቃል። ስለዚህ «ፓምፑ ደካማ ነው» ተብሎ ትልቅ ከመግዛት በፊት ቱቦው መታየት አለበት። ሲገዛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጥቁሩ ፕላስቲክ ቱቦ ስያሜ የሚነግረን የውጭ ስፋቱን ስለሆነ፣ 25 የተጻፈበት ቱቦ ውስጡ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የውስጥ ስፋቱ ቢያንስ 25 እንዲሆን 32 የተጻፈበትን መግዛት ይገባል።

በ25 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ፣ ለጎሚቶዎቹ፣ ለቫልቮቹና ከውሃው ወደ ፓምፑ ለሚመጣው መሳቢያ ቱቦ አንድ ሜትር ጨምረን ኪሳራውን 3 ሜትር ብንል፣ ድምሩ 5 እና 6 እና 15 እና 3፣ ማለትም 29 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ወደ መደብር ይዘነው የምንሄደው ቁጥር «29 ሜትር ላይ በደቂቃ 25 ሊትር» የሚለው ነው።

የመሳብ ወሰን

ፓምፖች ከመወዳደራቸው በፊት አንድ ማጣሪያ አለ። ከውሃው በላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃውን የሚስበው ሲመስለን፣ ውሃውን ወደ ቱቦው የሚገፋው በእውነቱ የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ደረጃ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ ወደ 10.3 ሜትር ያቆማል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። በተግባር ከዚህ ላይ ለቱቦው፣ በመሳቢያው ጫፍ ሆኖ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ ለሚያግደው ፉት ቫልቭና ለመጠባበቂያ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ይቀነሳል። ስለዚህ ሰሌዳው «8 ሜትር ይስባል» ቢልም፣ ቆላ ላይ 7 ሜትር፣ ደጋ ላይ ደግሞ 5 ሜትር ገደማ ላይ መቆም ይበጃል። የሞተሩ ጉልበት ቢጨምር ይህ ወሰን አይቀየርም።

ወሰኑ ሲታለፍ ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ያንኳኳል፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ይመጣና ይቆራረጣል፤ በወራት ውስጥም በፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር እየተቦረቦረ ይሄዳል። ውሃው ከወሰኑ በታች ከሆነ ያለው ምርጫ ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ ወይም ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን ሰመርሲብል ፓምፕ መውሰድ ነው፤ ሰመርሲብሉ የሚገፋ እንጂ የሚስብ ስላልሆነ የመሳብ ወሰን አይመለከተውም። የእኛ ጓሮ ውሃ 5 ሜትር ላይ ስለሆነ በደጋም ቢሆን በጠባቡ ያልፋል፤ መሳቢያው ግን ቀጥ ያለ፣ አጭርና ከመግፊያው ያልጠበበ መሆን አለበት።

ሦስት ፓምፖች በአንድ ጓሮ

አሁን ሦስት የተለመዱ ዓይነቶችን በ29 ሜትርና በ25 ሊትር እንመዝናቸው። ቁጥሮቹ በየዓይነቱ የተለመደውን መጠን የሚያሳዩ ናቸው እንጂ የአንድ ሞዴል ብቻ አይደሉም።

የመጀመሪያው ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ፔሪፈራል ፓምፕ ነው፤ ትንሽ፣ ቀላልና ከሦስቱ ርካሽ ነው። ካርቶኑ 40 ሜትርና 40 ሊትር ይላል። በግራፉ ላይ ግን በደቂቃ 5 ሊትር ሲሰጥ 38 ሜትር፣ 40 ሊትር ሲሰጥ ደግሞ 5 ሜትር ብቻ ይገፋል፤ በመካከሉ መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ 29 ሜትር ላይ የሚሰጠው ወደ 15 ሊትር ነው። ሁለቱ መርጫዎች ቢከፈቱበት ፓምፑ አይቆምም፤ ፍሰቱና ግፊቱ አብረው ወርደው ወደ 20 ሊትርና ወደ 23 ሜትር አካባቢ ይረጋጋል። መርጫዎቹ የሚደርሳቸው ግፊት ከ15 ሜትር ወደ 10 ይወርዳል፤ ውሃው የሚወረወርበት ርቀት ያጥራል፤ በሁለቱ መካከልም ደረቅ ቦታ ይቀራል። ሰው ይህን አይቶ ፓምፑ ተበላሽቷል ይላል እንጂ፣ ፓምፑ ግራፉ ላይ የተጻፈለትን በትክክል እየሠራ ነው።

ሁለተኛው አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ሴንትሪፊዩጋል ፓምፕ ነው። መስመሩ ለጥ ያለ ነው፤ 20 ሊትር ሲሰጥ 34 ሜትር፣ 60 ሊትር ሲሰጥ 28 ሜትር ይገፋል። 25 ሊትር ላይ 33 ሜትር ገደማ ስላለው የእኛን 29 ሜትር በ4 ሜትር ትርፍ ይሸፍናል፤ ተጨማሪ መርጫ ቢመጣም ይችላል። ጉድለቱ በመሳቢያው በኩል ነው። በመሳቢያው ውስጥ አየር ካለ ራሱን ችሎ አያወጣውም፤ ስለዚህ መሳቢያው ጫፍ ላይ ጥሩ ፉት ቫልቭ ሊኖረውና ከመነሳቱ በፊት በውሃ ሊሞላ ይገባል። ፉት ቫልቩ ውስጥ ትንሽ አሸዋ ተቀርቅሮ ሌሊቱን ውሃው ሾልኮ ካደረ፣ ጠዋት ላይ ፓምፑ እየዞረ ውሃ አይሰጥም።

ሦስተኛው አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ጄት ፓምፕ ነው። 25 ሊትር ላይ እርሱም ከ30 ሜትር በላይ ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ አካሉ በውሃ ከተሞላ በመሳቢያው ውስጥ ያለውን አየር ራሱ ስቦ ያስወጣል። ውሃው እየወረደና እየወጣ ለሚያስቸግር ጉድጓድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በምትኩ ይጮኻል፤ ለእያንዳንዱ ሊትርም ከሴንትሪፊዩጋሉ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል።

እስከዚህ ከተደረሰ ምርጫው ሁለተኛው ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ መንገድ አልተፈተነም። ባለቤቱ በፔሪፈራሉ ሁለቱን መርጫዎች በአንዴ ሳይሆን በተራ ቢያሠራቸውስ? ፍሰቱ ወደ 12.5 ሊትር ሲወርድ የቱቦው ኪሳራ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ የሚያስፈልገው ድምር 27 ሜትር ይሆናል፤ ፓምፑም እዚያ ፍሰት ላይ ወደ 31 ሜትር ስላለው ሥራው ይሞላል። ማጠጣቱ 80 ደቂቃ ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ፍጆታውም አይለያይም፤ 0.55 ኪሎዋት የሚወስድ ትንሽ ፓምፕ በ80 ደቂቃ፣ 1.1 ኪሎዋት የሚወስድ ትልቅ ፓምፕ በ40 ደቂቃ የሚበሉት ያው ወደ 0.73 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ ልዩነቱ 40 ደቂቃ መጠበቅና በመሀል አንድ ጊዜ መርጫ መቀየር ነው። የእኔ አስተያየት ውሃው ንጹሕ ከሆነና ባለቤቱ ጠዋት ቤት ከሆነ ትንሹ ይበቃዋል የሚል ነው።

«ውሃው ንጹሕ ከሆነ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ግን ክብደት አለው። በፔሪፈራል ፓምፕ ውስጥ በኢምፔለሩና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ግፊቱ የሚፈጠረውም በዚያ ጥበት ነው። ደቃቅ አሸዋ የገባበት እንደሆነ ክፍተቱ እየሰፋ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ሞተሩ ግን እንደ ድሮው ይዞራል። ውሃው አሸዋ የሚያመጣ ከሆነ ክፍተቱ ሰፋ ያለው ሴንትሪፊዩጋል ይመረጣል። ሌላም ልዩነት አለ፦ ፔሪፈራል መውጫው ሲዘጋበት ሞተሩ ላይ ሸክም ይጨምራል፤ ስለዚህ ቧንቧን በከፊል እየዘጉ ፍሰት መቀነስ ለእርሱ አይመከርም።

ብራንዱና ጥገናው

ግራፉ ከተመሳሰለ በኋላ ሁለት ብራንዶችን የሚለያቸው ከተበላሹ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። «አገልግሎት አለው» የሚለው የሻጭ ቃል ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ዕቃዎቹ ማውረድ ይሻላል። በትንሽ ፓምፕ ላይ በብዛት የሚያልቁት አራት ናቸው፦ ካፓሲተር፣ ኩሽኔታ፣ ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግደው መካኒካል ሲልና ኢምፔለር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከብራንድ ነጻ ናቸው። ኩሽኔታው እንደ 6202 ወይም 6203 ያለ ዓለም አቀፍ ቁጥር ስላለው በየትኛውም የኩሽኔታ መሸጫ ይገኛል፤ ካፓሲተሩም የማይክሮፋራድ ልኩ ከተመሳሰለና ቮልቴጁ ከበፊቱ ካላነሰ ከየትም ተገዝቶ ይገባል። ሞተሩ እየጎረመረመ መነሳት ካቃተው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ካፓሲተር ነው።

ኢምፔለሩና ብዙ ጊዜም መካኒካል ሲሉ ግን የሞዴሉ ናቸው። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «የዚህን ሞዴል ሲልና ኢምፔለር አሁን ያሳዩኝ» ቢለው፣ ከዋስትና ወረቀት የበለጠ ነገር ይረዳል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ካለ ብራንዱ በእርግጥ ጥገና አለው፤ «እናስመጣለን» ከተባለ ግን በበጋው መሀል አትክልቱ ያለ ውሃ የሚቆይበትን ሳምንታት ማሰብ ያስፈልጋል። መካኒካል ሲል በወቅቱ መቀየሩ በተለይ ወሳኝ ነው። ሲያልቅ በፓምፑና በሞተሩ መካከል ካለው ክፍተት ጠብታ ይታያል፤ ሲደርቅም ነጭ ወይም የዝገት ምልክት ይተዋል። ያ ጠብታ ችላ ሲባል ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይዘልቃል፤ ኩሽኔታው መጮኽ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ሊቃጠልና ማስጠቅለል ሊያስፈልግ ይችላል።

እንደ ፔድሮሎ፣ ዳብ፣ ኢባራና ግሩንድፎስ ያሉ ቀደምት አምራቾች ለየሞዴሉ የከፍታና የፍሰት ግራፍ፣ የክብደትና የልኬት ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ይህ በሁለት መንገድ ይጠቅማል። አንደኛ፣ 29 ሜትር ላይ የሚሰጠውን ሊትር ሳይገምቱ ማንበብ ይቻላል፤ ከፍተኛዎቹን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ጽፎ ግራፍ የማያሳይን ብራንድ ማነጻጸር ግን አይቻልም። ሁለተኛ፣ ስሙን ብቻ የለበሰ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚያጋልጥ መለኪያ ይሆናል። መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ የሞተሩን ሽቦ በአሉሚኒየም የተካና ብረቱን ያሳሳ ሠሪ ፓምፑን ማቅለሉ አይቀርም። ፓምፑን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ከሠንጠረዡ ክብደት ጋር ማስተያየት፣ የሰሌዳውንና የካርቶኑን ተከታታይ ቁጥርም ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

በዋስትናው ላይ የሚነበበው የወራቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ፓምፑ ያለ ውሃ መዞሩና አሸዋ መሳቡ በአብዛኛው ከዋስትና ውጭ ናቸው፤ የጓሮ ፓምፖች የሚበላሹት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ዋስትና ኖሮት መካኒካል ሲል የማይገኝለት ፓምፕ፣ ስድስት ወር ዋስትና ኖሮት በቅርብ ጠጋኝና መለዋወጫ ካለው ፓምፕ ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ያለ ውሃ ከመዞር የሚጠብቀው በጉድጓዱ ውስጥ የሚንጠለጠል የፍሎት ማጥፊያ ከፓምፑ ጋር አብሮ ቢገዛ ይመረጣል።

በተተከለ ቀን

ፓምፑ ከተተከለ በኋላ፣ ዋስትናው ገና ትኩስ ሳለ፣ የተገዛው ነገር ካርቶኑ ውስጥ እንደነበረ መፈተሽ ይገባል። መርጫዎቹን ነቅሎ፣ ቱቦው በአትክልቱ የላይኛው ጫፍ ላይ እንዳለ፣ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ መቁጠር ነው። በምሳሌያችን መርጫዎቹ ከተነቀሉ የሚቀረው የ5 እና የ6 ሜትሩ ከፍታና የቱቦው ኪሳራ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ፔሪፈራል በደቂቃ ወደ 29 ሊትር ሊሰጥ ይገባል፤ ጀሪካኑ በ40 ሰከንድ አካባቢ ይሞላል ማለት ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደ መጀመሪያ በመሳቢያው መጋጠሚያዎች አየር መግባቱ፣ ቀጥሎ የመብራቱ ቮልቴጅ፣ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ራሱ ይመረመራል። የተቆጠረው ሰከንድ በዋስትናው ወረቀት ጀርባ ከቀኑ ጋር ይጻፍ፤ ከዓመት በኋላ ያው ጀሪካን በዚያው ቦታ፣ ውሃው በተመሳሳይ ጥልቀት ላይ እያለ፣ 55 ሰከንድ ቢፈጅ ኢምፔለሩ መበላቱን ሞተሩ ሳይፈታ መጠርጠር ይቻላል።